«በስህተት ገደለ» ብዬ ጽፌ የተማርኩት

ከዓመታት በፊት የደቡብ አፍሪካዊውን ሯጭ የኦስካር ፒስቶሪየስን የፍርድ ሂደት የሚተርክ ረዘም ያለ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እንድመልስ ተሰጠኝ። ነገሩ ቀላል መሰለኝ። ታሪኩን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 ለሊት ላይ፣ ቤቱ ውስጥ፣ በተቆለፈ የመጸዳጃ ቤት በር ላይ 4 ጥይት ተኮሰ። ከበሩ በስተጀርባ ፍቅረኛው ሪቫ ስቴንካምፕ ነበረች። ሞተች። እሱ «ሌባ የገባ መስሎኝ ነው» አለ።

በ2014 ዳኛዋ ቶኮዚሌ ማሲፓ ከግድያ ነፃ አድርገው በሌላ፣ በቀለለ ወንጀል ጥፋተኛ አሉት። እኔም ያንን ወንጀል «በስህተት መግደል» ብዬ ተረጎምኩት። ደስ ብሎኝ ሁሉ ነበር፣ አጭርና ግልጽ ነዋ።

ጽሑፉን የሚያርሙልኝ ጋሼ ብዬ የምጠራቸው ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበሩ። ወረቀቱን በቀይ አስምረው መለሱልኝ። ደወልኩላቸው።

«ልጄ፣ በስህተት የገደለ ሰው ለምን ይታሰራል?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። እውነትም፣ ማንም ሊገምተው በማይችል አጋጣሚ ሰው ቢሞት ያ አደጋ ነው፣ ወንጀል አይደለም። ዳኛዋ ያሉት ግን ሌላ ነው። ፒስቶሪየስ በቦታው ያለ ጠንቃቃ ሰው የሚያስበውን አላሰበም፣ ማሰብ ግን ነበረበት ነው ያሉት። የዚህ ስሙ ስህተት ሳይሆን ቸልተኝነት ነው።

ያን ቀን ትርጉሙን አቆምኩና ከቃላቱ በፊት ነገሩን ለመረዳት ተቀመጥኩ። አንድ ወረቀት ወስጄ አናቱ ላይ «4 ጥይት፣ የተዘጋ በር፣ አንድ የሞተ ሰው» ብዬ ጻፍኩ። ይህ አይቀየርም። የሚቀየረው ተኳሹ ጭንቅላት ውስጥ የነበረው ነገር ብቻ ነው። ከዚያ ከስሩ ሦስት ጥያቄ አስቀመጥኩ። ሰው እንዲሞት ፈልጎ ነበር? ካልፈለገ፣ ሊሞት እንደሚችል ታይቶት «የመጣው ይምጣ» ብሎ ተኩሷል? እሱም ካልሆነ፣ ሊታየው ሲገባ ሳይታየው ቀርቷል?

የመጀመሪያው ማንንም አያደናግርም። ሦስተኛው ቸልተኝነት ነው። ጠቡ ያለው መሀል ላይ ነው። ሕግ አዋቂዎች በላቲን «ዶለስ ኢቨንቹዋሊስ» ይሉታል። ሰውየው ሞትን አልተመኘም። ግን ሊመጣ እንደሚችል አውቆ፣ ከእውቀቱ ጋር ተስማምቶ ገፋበት። በደቡብ አፍሪካ ሕግ ይህ ቸልተኝነት ሳይሆን ሙሉ ግድያ ነው።

ከሁለተኛውና ከሦስተኛው መካከል ያለችው መስመር በጣም ቀጭን ናት። ፒስቶሪየስን የሚመለከቱት ፍርድ ቤቶች ራሳቸው የተለያዩት እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የማሲፓን ውሳኔ ሽሮ በግድያ ጥፋተኛ አለው።

ምክንያታቸውን ሁለት ሦስቴ ነው ያነበብኩት። ማሲፓ የጠየቁት «ከበሩ ጀርባ ሪቫ ልትኖር እንደምትችል ታይቶት ነበር ወይ?» የሚል ነበር። አልታየውም፣ አልጋ ላይ ያለች መስሎታል አሉ። የይግባኝ ዳኞቹ ግን ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው አሉ። ማን እንደሆነች ማወቅ አያስፈልግም። ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ ቦምብ የሚያፈነዳ ሰው የሟቾቹን ስም አያውቅም፣ ገዳይ ከመሆን ግን አይድንም። ትክክለኛው ጥያቄ «ከበሩ ጀርባ ያለው ማንም ይሁን ማን ሊሞት እንደሚችል ታይቶት ነበር?» የሚለው ነው።

እሺ፣ እንዴት ይታወቃል? የሰው ልብ ተከፍቶ አይታይም። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ተከሳሹ ካላመነ ሐሳቡን ማረጋገጥ የማይቻል ይመስለኝ ነበር። ዳኞቹ ያደረጉት ግን ዕቃዎቹን ማየት ነው። መጸዳጃ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ውስጥ ያለ ሰው ጥይት የሚያመልጥበት ጥግ የለውም። ጥይቱ ኃይለኛ ነው። የተኮሰውም አንዴ አይደለም፣ አራቴ ነው። ለማስጠንቀቂያ የተተኮሰ የለም። ሰውየው ደግሞ ስለ መሣሪያ አያያዝ የሠለጠነ ነው። ይህን ሁሉ ደርድረህ «ሰው ሊሞት እንደሚችል አልታየኝም» ቢል ማን ያምነዋል? ሐሳቡ የተነበበው ከበሩ፣ ከክፍሉ ስፋትና ከጥይቱ ቁጥር ነው።

ፍርሃቱስ? ፈርቶ መተኮሱ ለምን እንደተኮሰ ይነግረናል። ሲተኩስ ምን ታይቶት እንደነበር ግን ሌላ ጥያቄ ነው። እኔ ምክንያትንና ሐሳብን አንድ አድርጌ ነበር የማያቸው። መጀመሪያ በጻፍኩት ትርጉም ውስጥም «ምክንያት ስለሌለው ግድያ አይደለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ከኪሴ ጨምሬ ነበር። ጋሼ ያንንም ሰርዘውታል። ትክክል ናቸው።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ ደፍሬ ወደ እንግሊዝ ሕግ ሄድኩ፣ ጽሑፉ ውስጥ ማነጻጸሪያ ነበረበት። እዚያ እንደገና ወደቅኩ። ማንስሎተር የሚባለውን ቃል ያለ ምንም ማመንታት «በቸልተኝነት መግደል» አልኩት። በከፊል ነው ልክ የሆነው። ቃሉ ከግድያ በታች ያለውን ሰፊ ቤት ሁሉ የሚሸፍን ነው፣ በውስጡ ብዙ ክፍል አለ።

አንዱ ክፍል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 የተወሰነው የአዶማኮ ጉዳይ አለ። ሰውየው የማደንዘዣ ሐኪም ነው። በቀዶ ሕክምና መሀል የታካሚው የመተንፈሻ ቱቦ ተላቀቀ፣ እሱ ግን አላስተዋለም። ሌላ ባለሙያ በ15 ሰከንድ ውስጥ ሊያየው ይገባ ነበር ተብሎ ተመሰከረ። ማንንም ሊጎዳ አልፈለገም፣ አደጋው አልታየውም፣ ጥፋቱም ያ አለመታየቱ ነው። ግን ቸልተኝነቱ ተራ አይደለም፣ በወንጀል የሚያስጠይቅ ከባድ ነው ተባለ።

ሌላው ክፍል ውስጥ የዉሊን ጉዳይ አለ፣ 1998። አባት ነው። ተናዶ የ3 ወር ልጁን ወረወረው፣ ሕፃኑ ሞተ። የእንግሊዝ ሕግ ለግድያ የሚጠይቀው የመግደል ወይም ከባድ ጉዳት የማድረስ ሐሳብ ነው። ያንን ባይፈልግ እንኳ ከባድ ጉዳት መድረሱ የማይቀር መሆኑን አውቆ ከሆነ በዳኝነት የሚቀመጡት ተራ ዜጎች ሐሳብ ነበረው ማለት ይችላሉ። በሥር ፍርድ ቤት ግን «ከፍተኛ አደጋ» የሚል ዝቅ ያለ መለኪያ ተነግሯቸው ነበር። ስለዚህ የግድያ ፍርዱ ወደ ማንስሎተር ዝቅ አለ።

ልብ በሉ። በእንግሊዝ «ሊሆን ይችላል» ብሎ ማወቅ ለግድያ አይበቃም፣ «የማይቀር ነው» ወደሚባለው መጠጋት አለበት። በደቡብ አፍሪካ ግን ሊሆን እንደሚችል ታይቶት ያንን ተቀብሎ መግፋቱ ይበቃል። ያው ድርጊት፣ ያው ጭንቅላት፣ ድንበር ሲሻገር ስሙ ሊቀየር ነው። ከዚያ ወዲህ የወንጀል ስም ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የማየው የማን አገር ሕግ እንደሆነ ነው። ማንስሎተርን እንዳለ ተውኩትና በየቦታው የትኛው ዓይነት እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር አብራራሁት። ጽሑፉ ረዘመ። ይርዘም።

ሁለተኛውን ረቂቅ ለጋሼ ስልክላቸው፣ በዚህ ጊዜ ቀይ አይነካውም ብዬ ነበር። የነካው አንድ ቦታ ብቻ ነው። የይግባኙን ውሳኔ ስጽፍ «ሪቫ ልትሞት እንደምትችል እያወቀ ተኮሰ» ብያለሁ። «ሪቫ» የሚለውን ሰርዘው ከላዩ «ሰው» ብለው ጽፈውበታል።