ስልኩ ቢቀርም መልእክቶቹ ይዳኑልን፦ ለስልክ ጠጋኙ የጻፍኩት

እኅቴ ከሪያድ ስትመለስ ማዳሟ የአምስት ወር ደመወዟን አልከፈለቻትም ነበር። ዕዳው እንዳለባት ግን ሴትዮዋ በገዛ ድምፅዋ ደጋግማ አምናለች። «አምስት ወር እንደሆነ አውቃለሁ፣ እልክልሻለሁ» የሚሉ በዐረብኛ የተነገሩ የዋትስአፕ የድምፅ መልእክቶች በእኅቴ ስልክ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሌላ ማስረጃ አልነበረንም። እናታችን በጃኬቱ ኪስ ውስጥ ስልክ መኖሩን ሳታውቅ ጃኬቱን ሳሙና ውኃ ውስጥ ነከረችው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስልኩ ከባልዲው ሲወጣ በካሜራው መስታወት ሥር ውኃ ይታይ ነበር።

እኔ ቤት ስደርስ እኅቴ አንድ ጊዜ አብርታው፣ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ጠፍቶባት፣ ሩዝ ውስጥ ቀብራው ነበር። ሩዙን ያደረገችው በቅን ልቡና ነው፤ ጥቅም ግን የለውም። ሩዝ በስልኩ ሆድ ውስጥ፣ በቦርዱ ላይ ካሉት የብረት ክዳኖች ሥር ያለውን እርጥበት አያወጣም። ውኃው ቢደርቅ እንኳ የሳሙናው ጨው እዚያው ይቀራል፤ ባትሪው እስከተያያዘ ድረስም ቦርዱን ይበላዋል። ስልኩን ከሩዙ አውጥቼ «ማንም እንዳያበራው፣ ማንም ቻርጀር እንዳይሰካበት» አልኩና በማግስቱ ጠዋት መገናኛ አካባቢ ወዳለ የስልክ ጥገና ሱቅ ወሰድኩት። ባለቤቱ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ በሥራው የተከበረ ሰው ነው። ወረፋ ስለነበር ስልኩን ትቼለት ወጣሁና ከታክሲ ውስጥ ይህን ላክሁለት፦

«ጋሼ፣ እባክዎ ስልኩ ላይ ያሉት መልእክቶች እንዳይጠፉብኝ አደራ።»

«ችግር የለም፣ እናስተካክለዋለን» ብሎ መለሰልኝ።

ይህ መልስ አላረካኝም፤ ደወልኩለት። እንዴት ሊሠራው እንዳሰበ ስጠይቀው፣ ቦርዱ ተበልቶ ከሆነ ከሌላ ስክሪኑ ከተሰበረ ተመሳሳይ ስልክ ቦርድ አውጥቶ እንደሚገጥምልኝና ከሰዓት በኋላ እንደሚደርስልኝ ነገረኝ። ሰውየው አልዋሸኝም፣ ግዴለሽም አልነበረም። ለእርሱ የተጠገነ ስልክ ማለት የሚበራ ስልክ ማለት ነው፤ ደንበኛም የሚከፍለው ሲበራ አይቶ ነው። «እንዳይጠፉብኝ» የሚለው ቃሌ ምን ማድረግ እንደሌለበት አልነገረውም። ቦርዱ ከተቀየረ ስልኩ ይበራል፤ የእኅቴ መልእክቶች ግን በአሮጌው ቦርድ ላይ እንደተጣበቁ ቁርጥራጭ ሣጥን ውስጥ ይጣላሉ።

ሥራውን እንዲያቆይልኝ ለመንኩትና ማታ ከእኅቴ ጋር ተቀምጠን የትኛው መልእክት የት እንዳለ ለየን። ቴሌግራሟ አላሳሰበንም። በኢትዮጵያ ቁጥሯ የተከፈተ ነው፤ የቴሌግራም ተራ መልእክቶች ደግሞ በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጡ በሌላ ስልክ ስትገባ ሁሉንም አገኘቻቸው። በቴሌግራም በስልኩ ላይ ብቻ የሚቀሩት ምስጢራዊ ቻት ተብለው የተከፈቱት ናቸው፤ እነርሱ አልነበሯትም። ዋትስአፑ ግን የተመዘገበው በሳዑዲው ቁጥር ነበር። ሲሙ እዚያው ቀርቷል። በጎግል ድራይቭ ላይ ቅጂ ቢኖር እንኳ ለመመለስ ያው ቁጥር ማረጋገጫ ኮድ መቀበል አለበት፤ ኮዱ የሚላክበት ቁጥር ደግሞ በእጃችን የለም። ስለዚህ እነዚያ የድምፅ መልእክቶች ያሉት በዚህ ስልክ፣ በዚህ ቦርድ ላይ ብቻ ነው።

«ሚሞሪውን ነቅሎ በሌላ ማሽን ማንበብ ይቻላል» የሚል ምክር ከጓደኞቼ መጥቶ ነበር። በድሮ ስልኮች ይሠራ ነበር። በቅርብ ዓመታት በወጡ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ግን መረጃው የሚቀመጠው ተመስጥሮ ነው፤ የምስጢሩ ቁልፍም ከፕሮሰሰሩና ከስልኩ መክፈቻ ጋር የተያያዘ ነው። ሚሞሪውን ብቻ የነቀለ ሰው የሚያገኘው ትርጉም የሌለው የቁጥር ክምር ነው። የመጀመሪያው ፕሮሰሰር፣ የመጀመሪያው ሚሞሪና የእኅቴ ፓተርን አንድ ላይ ሊገናኙ ግድ ነበር። ያ ማለት ያንኑ ቦርድ ለጥቂት ደቂቃዎች እንኳ ማስነሣት ነው።

ሁለተኛውን መልእክት ከዚህ በኋላ ጻፍኩ። እንዳለ አስቀምጠዋለሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሳሙና ውኃ ውስጥ የገባውን ጥቁር ስልክ ያመጣሁት ነኝ። ስልኩ ለአገልግሎት እንዲመለስ አንፈልግም፤ የምንፈልገው በውስጡ ያሉትን የዋትስአፕ መልእክቶችና የድምፅ ቅጂዎች ብቻ ነው። የእኅቴ የአምስት ወር ደመወዝ ማስረጃ ናቸው፣ ሌላ ቅጂም የላቸውም። ስለዚህ ቦርዱ እንዳይቀየር፣ ሶፍትዌር እንዳይጫንበት፣ ፎርማት እንዳይደረግ አደራ እላለሁ። ባትሪው ተነቅሎ ቦርዱ በአልኮል እስኪጸዳ ድረስ ቻርጀር አይሰካበት። ሲበራ Factory data reset የሚል ምርጫ ቢመጣ Try again ብቻ ይነካ። ሲም አይግባበት፣ ከዋይፋይም አይገናኝ። ከበራ ምንም ሳይነኩ ይደውሉልን፤ ፓተርኑን እኅቴ ራሷ መጥታ ትከፍታለች። ስክሪኑ ከሞተ ለመክፈቻ ያህል ሌላ ስክሪን ሳይለጠፍ ቢገጠምልን ይበቃናል። የማጽጃና የምርመራ ዋጋዎን ስልኩ ባይነሣም እከፍላለሁ። መልእክቶቹን ለአደጋ የሚያጋልጥ ሥራ ካለ ከመጀመርዎ በፊት ያማክሩኝ። የሚያደርጉትን በአጭሩ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።»

ከሁሉም በላይ ሥራ የሠራው ስለ ክፍያው የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ይመስለኛል። ስልኩ ካልበራ ክፍያ እንደማያገኝ የሚያስብ ጠጋኝ ወደ ፈጣኑ መንገድ ቢሄድ አይፈረድበትም። ለጽዳቱ ብቻ እንደምከፍል ሲያውቅ ግን የመጻፉ ሁኔታ ራሱ ተለወጠ፦ «ገባኝ። ቦርዱን ነቅዬ አጸዳለሁ፣ ሾርት ካለ እፈልጋለሁ፣ ሶፍትዌር አልነካም። ሁለት ቀን ስጠኝ።» የሚያደርገውን በራሱ ቃል እንዲጽፍልኝ መጠየቄም ጠቀመኝ፤ «እሺ» ከሚለው መልስ ማን ምን እንደተረዳ ማወቅ አይቻልም።

የረሳሁት ነገር ነበር። መልእክቱ የነበረው በባለቤቱ ስልክ ላይ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የሚሠሩት ግን ሁለት ወጣቶች ናቸው። በማግስቱ ሱቁ ስደርስ ስልኩ ቁጥር ብቻ ከተጻፈበት ላስቲክ ውስጥ ከሌሎች ስልኮች ጋር ተደርድሮ አየሁት። እዚያው ቆሜ በወረቀት ላይ «ቦርድ አይቀየር፣ ፎርማት አይደረግ፣ ሳይደወል አይነካ» ብዬ ጽፌ በስልኩ ጀርባ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩ። ያ ወረቀት ባይኖር ኖሮ ይህን ታሪክ የምጽፈው በሌላ ስሜት ነበር። በሦስተኛው ቀን ባለቤቱ በሌለበት ስልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ እየበራ እየጠፋ ቆይቶ፣ መጨረሻ ላይ አንድሮይድን ማስነሣት አልቻልኩም የሚል ጽሑፍ ከሥሩም ሁለት ምርጫዎችን አመጣ። ወጣቱ እንደ ልማዱ ሁለተኛውን ሊነካ ሲል ወረቀቱን አይቶ ደወለልኝ። ሁለተኛው ምርጫ Factory data reset ነበር። ከነካው ቁልፎቹ ይጠፋሉ፤ ከዚያ በኋላ የትም ቢኬድ የሚመለስ ነገር የለም።

ባለቤቱ ሲመጣ ቦርዱን እንደገና አውጥቶ በማጉያው ሥር አሳየኝ። ከአንዱ ክዳን ሥር አረንጓዴና ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት በጥቃቅን ክፍሎቹ እግር ላይ ተጣብቋል። ክዳኑን አንሥቶ፣ በአይሶፕሮፒል አልኮል የራሰ ለስላሳ ብሩሽ እያመላለሰ፣ ዝገቱ ለቆ የብረቱ ብርሃን እስኪታይ ድረስ አጸዳው። በቻርጅ መስመሩ ላይ ሾርት የሆነች የጤፍ ቅንጣት የምታህል ክፍል ነቀለ። ባትሪው ስላበጠ ኃይል የሰጠው ከጠረጴዛው መሣሪያ ነው። በዚህ ጊዜ Try again ሲነካ ስልኩ ተነሣ።

እኅቴን አስጠራሁ። የራሱ ስክሪን ምስል ያሳያል እንጂ ጣት አይቀበልም፤ ስለዚህ ሌላ ስክሪን በኬብሉ ብቻ አንጠልጥሎ ገጠመላት። ፓተርኗን ሳለች፣ ተከፈተ። ዋትስአፕን ስትነካው ግን የስልኩ ቀን ትክክል አይደለም ብሎ አልከፍትም አለ። ባትሪ ተነቅሎ የቆየ ስልክ ሰዓቱን ይስታል። ወጣቱ «ዋይፋይ ልስጠውና ራሱ ያስተካክል» አለ፤ እንዲተወው ለመንኩት። የሳዑዲውን ቁጥር ሌላ ሰው ወስዶ ዋትስአፕ ከፍቶበት ከሆነ፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ የእኅቴ መተግበሪያ ከቁጥሩ ሊያስወጣትና ተመልሳ ለመግባት ኮድ ሊጠይቃት ይችላል። ቀኑንና ሰዓቱን በእጅ አስተካከልን፤ ቻቶቹ ተከፈቱ። የማዳሟ ስም ከነፎቶዋ ሲታይ እኅቴ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና ለጥቂት ጊዜ አልተናገረችም።

ቅጂውን በሁለት መንገድ ወሰድን። መጀመሪያ ስልኩን በኬብል ከሱቁ ኮምፒውተር ጋር አገናኝተን የድምፅ መልእክቶቹ ያሉበትን ይህን ማኅደር በሙሉ ቀዳን፦

```
Android/media/com.whatsapp/WhatsApp/Media/WhatsApp Voice Notes
```

ፋይሎቹ PTT-20240312-WA0007.opus በሚመስል ስም የተቀመጡ ናቸው። ስሙ ቀኑን ይናገራል፤ ማን እንደላከው ግን አይናገርም። የእናታችን፣ የጓደኞቿና የማዳሟ ድምፅ በአንድ ማኅደር ውስጥ ተደባልቆ ነው ያለው። ስለዚህ ሁለተኛውን አደረግን፦ በእኔ ስልክ ካሜራ የእኅቴን ስክሪን እየቀረጽኩ፣ መጀመሪያ የማዳሟን ስልክ ቁጥር ከፍታ አሳየች፤ ከዚያ ከቻቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ቀኖቹ እየታዩ ወረደች፤ ስለ ደመወዙ የተነገሩትን እያንዳንዳቸውን አጫወተች። ሃያ ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ፋይሉና ቪዲዮው ጎን ለጎን ሲቀመጡ የትኛው ድምፅ የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተላከም ይታወቃል። ቅጂውን በሁለት ፍላሽ ላይ አድርገን፣ የሚከፈቱ መሆናቸውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሳናረጋግጥ ስልኩን አላጠፋነውም። ከሱቁ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ቅጂ እኛ ፊት እንዲያጠፋልን ጠየቅነው፤ ሳይከፋው አጠፋ።

ጋሼ የማጽጃውን ብቻ ተቀበለኝ። አዲስ ባትሪና ስክሪን ቢገባለት ስልኩ ጥቂት ወራት ሊያገለግል እንደሚችል ነገረን፤ እኅቴ ግን አልፈለገችም። ያየነው ጠበቃ ቅጂው እንዳለ ሆኖ ዋናው ስልክም ሳይነካ እንዲቀመጥ መክሮናል። ያበጠውን ባትሪ ሱቁ ውስጥ ትተን ቦርዱን ከነቀፎው በደረቅ ላስቲክ አሽገን፣ ያ በፕላስተር የለጠፍኩት ወረቀትም እንዳለበት፣ የእናታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈንበታል።