አራት ሚሊሜትር ጺም

ዛሬ ዝም ብሎ ድብት ብሎኛል። የሚያናድድ ሰው እንኳ የለም። ክርኔ ውስጥ የሳንቲም ያህል ጠቆር ያለ ነገር አለ። ሚስቴ አይታው «ምንድን ነው?» አለች።

«የጺም ቀለም።»

«ጺምህ እዚያ መብቀል ጀመረ?»

ሙከራ ነው አልኳት። ከቀለሙ ሁለት ቱቦዎች ጥቂት ጥቂት ቀላቅለው ቆዳ ላይ ይቀቡና 48 ሰዓት ይጠብቃሉ። ብዙዎቹ ጠቆር ያሉ ቀለሞች ፓራፌኒሊንዲያሚን የሚባል ነገር አለባቸው፤ አለርጂ ያመጣል። ክፋቱ፣ ከዚህ በፊት ምንም ያላደረገው ሰው ላይም በሌላ ቀን ሊነሳበት ይችላል። ካሳከከ ወይም ከቀላ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ክርን ሲያብጥ በእጅጌ ይሸፈናል፤ ከንፈር ሲያብጥ ግን የት ይገባል?

የእኔ ክርን እስካሁን ሰላም ነው። ቀሪውን አውቀዋለሁ። ከንፈርና ጉንጭ ዳር ቫዝሊን፣ አለበለዚያ ቆዳው አብሮ ይጠቁራል። ከሁለቱ ቱቦዎች እኩል እኩል ጨምቆ በፕላስቲክ ሳህን ማዋሃድ። ሽበቱ የበዛበት አገጭ መጀመሪያ፣ ዳር ዳሩ መጨረሻ። ከዚያ የመመሪያ ወረቀቱ ላይ ያለውን ደቂቃ ጠብቆ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ መታጠብ። በሁለት ቀለም መሃል ሲያመነቱ ፈካ ያለውን መምረጥ ነው። የተፈጥሮ ጺም አንድ ወጥ አይደለም፤ ድፍን ጥቁር ሲሆን በማርከር የተሳለ ይመስላል።

ይሄ ሁሉ ቀላል ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ሂሳቡ ነው።

ጺም በወር ወደ 1 ሴንቲሜትር ያድጋል፤ በሳምንት 2 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ማለት ነው። ቀለሙ የተቀባውን እንጂ ገና ከቆዳ የሚወጣውን አይነካም። እኔ ደግሞ ጺሜን በየሳምንቱ 4 ሚሊሜትር ላይ አስተካክላለሁ። ማሽኑ የሚቆርጠው ጫፉን፣ ማለትም የተቀባውን ነው! ሳምንት ሲሞላ ከቀረው 4 ሚሊሜትር 2 ተኩሉ አዲስ ሽበት ነው። ጥቁሩ ጫፉ ላይ ብቻ ይቀራል። ጺሜን 2 ሴንቲሜትር ባሳድገው ግን ያው 2 ተኩል ሚሊሜትር ከሥር ተደብቆ ይከርማል። አጭር ጺም ለቀለም አይመችም ማለት ነው፤ ይህን ማንም አልነገረኝም።

ታዲያ ላሳድግ? ረጅም ጺም ያስረጀኛል ብዬ አይደል ያሳጠርኩት? ወጣት ለመምሰል መጀመሪያ ሽማግሌ መምሰል ሊኖርብኝ ነው።

ይህን ሳሰላ መስታወት ፊት ቆሜ ነበር። ግራ ቅንድቤ ላይ አንድ ነጭ ፀጉር አየሁ። ወረቀቱ ቅንድብና ሽፋሽፍት ላይ በጭራሽ አትቀባ ይላል፤ ዓይን ሊያሳውር ይችላል። ጺሙ የ30 ዓመት፣ ቅንድቡ የ60 ዓመት የሆነ ሰው ዕድሜውን ሲጠየቅ የትኛውን ነው የሚናገረው?