ሸክላ፣ ሲዲ፣ ፍላክ፣ ኤምፒ3፦ ጅማ ላይ በጆሯችን የፈተንናቸው

ጎረቤቴ ጋሼ ሸክላ ከሲዲ ይበልጣል ባይ ናቸው። ሄርማታ ባለው ቤታቸው የሸክላ ማጫወቻው እስከ ዛሬ ይሠራል። ከአምሃ ሪከርድስና ከካይፋ ሪከርድስ ዘመን የቀሩ ባለ 45 ዙር ትንንሽ ሸክላዎች አሏቸው። ያንኑ ዘፈን በሲዲ ሳሰማቸው «ይሄማ ነፍስ የለውም» አሉኝ። እውነትም ልዩነቱ ለእኔም ይሰማኛል። ማወቅ የፈለግኩት ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ነው።

የሲዲው ቅጂ የወጣው ከሸክላው ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። ሌላ ባለሙያ ሠርቶታል፣ ድምፁም ጎላ ተደርጓል። ጎላ ያለ ድምፅ ደግሞ ጆሮን ያታልላል። በጣም ትንሽ ከፍ ካለ «ጮኸ» አንልም፣ «ጠራ» ወይም «ወፈረ» እንላለን። ስለዚህ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ማጫወት ሁለት ቅጂዎችን ማወዳደር ነው። ሸክላና ሲዲን ለማወዳደር ከአንድ ሸክላ የሚወጣውን ድምፅ በሁለት መንገድ መላክ አለብን።

እንዲህ አደረግኩት። የመርፌውን ደካማ ድምፅ ከሚያጎላው የማጫወቻው ፕሪአምፕ የሚወጣውን ድምፅ ለሁለት ከፈልኩት። አንደኛው በቀጥታ ወደ አምፕሊፋየሩ ይሄዳል። ሁለተኛው በሳውንድ ካርድ ወደ ላፕቶፕ ይገባል፣ በሲዲ ልክ ወደ ቁጥር ይቀየራል፣ ከዚያ ተመልሶ ድምፅ ሆኖ ይወጣል። የሲዲ ልክ ማለት በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ እያንዳንዱ ናሙና 16 ቢት ነው። መሃላቸው ላይ አንድ ስዊች አስገባሁ።

ቀጥሎ የድምፁን መጠን ማስተካከል ነበረብኝ። ከስልክ ወጥ የሆነ የ400 ኸርዝ ድምፅ በሁለቱም መንገድ ላክሁ። በመልቲሜትር የስፒከሩን ገመድ ቮልቴጅ እየለካሁ ሁለቱ እኩል እስኪሆኑ ድረስ አስተካከልኩ። በጆሮ ማስተካከል አይበቃም፣ ጆሮ የማይለየው ትንሽ ልዩነት ውጤቱን ያበላሻል።

ሌላም ጣጣ አለ። ላፕቶፑ ድምፁን ትንሽ ያዘገየዋል። ዘፈኑ እየሄደ ስዊቹ ቢቀየር ዜማው ወደ ኋላ ይዘላል፣ ሰሚውም በዚያ ያውቃል። ስለዚህ በየመሃሉ ድምፁ ለአፍታ እንዲዘጋ አደረግኩ። ስዊቹም ቢቀየር ባይቀየር አንድ ዓይነት ጠቅታ እንዲያሰማ፣ በየጊዜው ተነክቶ ይመለሳል። ስዊቹን የያዘችው የእህቴ ልጅ ናት። ከጀርባችን ቆማ ሳንቲም እየጣለች የወጣውን ትጽፋለች፣ አትናገርም።

እኛ የምንሰማው በቀጥታ የመጣው ይሁን በላፕቶፑ ያለፈው እንገምታለን። ጋሼ ከ16 ሙከራ 7ቱን አገኙ። በግምት ብቻ የሚመልስ ሰውም 8 አካባቢ ያገኛል። አንድ ሰው በእርግጥ እየሰማ ነው ለማለት ከ16ቱ ቢያንስ 12 መመለስ አለበት፣ ያን ያህል በዕድል የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 4 አይሞላም። እኔም ከ12 አልደረስኩም።

«ታዲያ ላፕቶፑ ውስጥም ያው የእኔ ሸክላ ነው እንዴ?» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ ሲንኮሻኮሽ ሳይቀር እንዳለ ገብቷል።»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እሳቸው የሚወዱት ነገር ሁሉ፣ የመርፌው ሹክሹክታ፣ የባሱ ሙላት፣ መርፌው ሸክላው መሃል ወዳለው ክብ ወረቀት ሲቀርብ የሚመጣው ትንሽ መሻከር፣ በሲዲ ልክ በተቀዳው ውስጥም አለ። የሲዲ ልክ የሸክላን ድምፅ መያዝ ይችላል። ሸክላው የሚለየው በራሱ በሚጨምረው ነገርና በተቀረጸበት መንገድ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ብራድ ሜየርና ዴቪድ ሞራን የተባሉ አሜሪካውያን ተመሳሳይ ሙከራ ከሲዲ በላይ ጥራት ባላቸው ቅጂዎች አድርገው ነበር። በ554 ሙከራ ትክክል የተመለሰው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው።

ወደ ኤምፒ3 ስንመጣ ሥራው ቀላል ነው። ከሲዲ ወደ ፍላክ ገለበጥኩ። ፍላክ ሎስለስ ነው፣ ማለትም ፋይሉን ያሳንሰዋል እንጂ አንዲት ቢት አይጥልም። ስለዚህ ፍላክና ሲዲን በጆሮ መፈተን አያስፈልግም፣ ሲፈታ ያው ቁጥር ነው። ከፍላኩ ሁለት ኤምፒ3 አወጣሁ፣ አንዱ በሰከንድ 128 ኪሎቢት፣ ሌላው 320 ኪሎቢት።

```
ffmpeg -i zefen.flac -b:a 128k z128.mp3
ffmpeg -i zefen.flac -b:a 320k z320.mp3
```

`foobar2000` ላይ `ABX Comparator` የሚባል ተጨማሪ አለ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ደብቆ ያጫውታል። 320ውን ከፍላኩ መለየት አልቻልኩም። 128ቱ ላይ ውጤቱ በዘፈኑ ይወሰናል። ረጋ ባለ የማሲንቆ ዜማ አልተለየልኝም። ጭብጨባ ባለበት ባህላዊ ዘፈን ግን ከ16ቱ 14 አገኘሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኤምፒ3 ድምፁን በቁራጭ በቁራጭ እየወሰደ ይጨምቃል። ሲጨምቅ የሚፈጠረው ጫጫታ በቁራጩ ሙሉ ይረጫል። ወጥ በሆነ ዜማ ውስጥ ዜማው ራሱ ይሸፍነዋል። ጭብጨባ ግን ከዝምታ ድንገት ነው የሚነሳው፣ ስለዚህ ጫጫታው ከጭብጨባው በፊት ባለው ዝምታ ውስጥ ይሰማል። ጠርዙ የደበዘዘ፣ «ጭ» ሳይሆን «ሽጭ» የሚል ድምፅ ይሆናል። የክራር ምትና ጸናጽልም ጥሩ መፈተኛ ናቸው። መስማት የምትፈልጉ እዚያ ላይ ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ ቆርጣችሁ ደጋግሙ። ሙሉ ዘፈን ሰምቶ ማወዳደር አይሆንም፣ ጆሮ ያን ያህል አያስታውስም። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታም አትድከሙ። እኛ ካባራ በኋላ፣ ማታ ነው የሠራነው።

ከሁሉም በላይ ልብ ልትሉት የሚገባው ፋይሉ ከእናንተ በፊት ያለፈበት ነው። አንድ ሙዚቃ ቤት በፍላሽ ያስጫንኩት «ፍላክ» ነበር። ጭብጨባው ደብዛዛ ሆነብኝ። `Audacity` ላይ ከፍቼ፣ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ያለውን ድምፅ በሥዕል በሚያሳየው `Spectrogram` አየሁት። ከ16 ኪሎኸርዝ በላይ በማስመሪያ እንደተቆረጠ ባዶ ነው። የ128 ኤምፒ3 ወደ ፍላክ ተለውጦ ነው ማለት ነው፣ የተጣለው አይመለስም። ግን ተጠንቀቁ፣ የድሮ የቴፕ ቅጂዎችም ከፍ ያለው ድምፅ ላይ ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ የእነሱ ቀስ እያለ መክሰሙ ነው፣ ኤምፒ3 ግን ቀጥ ባለ መስመር ይቆረጣል።

ለሎስለስ ስትሪሚንግ ዳታ የምትከፍሉ ደግሞ ይህን አስሉ። 320 በሰዓት 144 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። የሲዲ ጥራት ያለው ሎስለስ አብዛኛውን ጊዜ የዚያን እጥፍና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በተለመደው ብሉቱዝ የምትሰሙ ከሆነ ስልኩ ወደ ጆሮ ማዳመጫው ሲልክ እንደገና ይጨምቀዋል፣ ሎስለስነቱ እዚያው ያበቃል። እኔ ስትሪሚንጉን በ320 እሰማለሁ። ፍላክ የማስቀምጠው ለማኅደር ነው፣ ነገ ወደ ሌላ ዓይነት ስቀይረው ጉዳት በጉዳት ላይ እንዳይደራረብ።

የጋሼን ሸክላዎችም አሁን በዚሁ መንገድ እየቀዳን ነው። መጀመሪያ አቧራቸው በደንብ ይጸዳል። ዘፈኑ በጣም ከፍ የሚልበት ቦታ ከ0 በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ እንዲቆም አድርገን እንቀዳለን፣ ምክንያቱም 0 ዲጂታል ቅጂ ሊይዝ የሚችለው ጣሪያ ነው፣ ከዚያ ካለፈ ይቆረጣል። ቀድተን ስንጨርስ በፍላክ ይቀመጣል፣ ለስልካቸው ደግሞ 320 እናወጣላቸዋለን።