ጎንደር ላይ ከግድግዳው በፊት ኮርኒሱ

የቤት ሙቀት ልምምዳችን እስካሁን ግድግዳ ግድግዳውን ሲል ቆይቶ ነበር። በዚህኛው ዙር ወደ ጣሪያ ወጥተን፣ ኮርኒስ ላይ የተነጠፈ ጭድ የክፍሉን ሙቀት ሌሊት ምን ያህል እንደሚያቆይ እናያለን፤ ብዙው ስህተት ያለው እዚያ ነውና።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። በበጋ ቀን ወደ 28 ዲግሪ ትሞቅና ንጋት ላይ ወደ 10 ዲግሪ ትወርዳለች። እንዲህ ባለ አየር ድንጋይና ጭቃ አንድ ሥራ አላቸው፣ ጭድና ፎም ሌላ። ድንጋይ ሙቀትን አይከለክልም፤ ቀስ ብሎ ይጠጣዋል፣ ቀስ ብሎም ይመልሰዋል። 20 ሳንቲ ሜትር የጭቃ ግድግዳ ከውጭ የተቀበለውን የቀን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያደርሰው ከ6 እስከ 7 ሰዓት ዘግይቶ፣ ማለትም ማታ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ለመኝታ የሚስማማ ሰዓት ነው። ጭድ ግን የሚያከማቸው ነገር የለም፤ ሥራው ማገድ ብቻ ነው።

አሁን ቆርቆሮውን እንየው። ፀሐይ ስትገባ ቋ ቋ እያለ ሲኮማተር የሚሰማው ሙቀቱን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚጥል ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል፤ ንጋት ላይ ከሥሩ የሚንጠባጠበው ውሃ የዚህ ምልክት ነው።

አንድ ክፍል በስሌት እንውሰድ፦ 4 በ4 ሜትር፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ 8 ሚሊ ሜትር ቺፕውድ ኮርኒስ። በአንድ ሌሊት ሙቀት በመስጠትና በመቀበል የሚሳተፈው የግድግዳው ውስጠኛ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በርና መስኮት ሲቀነስ 40 ካሬ ግድግዳ ይቀራል፤ ይህ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 1.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። ክፍሉ 20፣ ውጭው 11 ዲግሪ ቢሆን፣ በ16 ካሬው ኮርኒስ በኩል 360 ዋት ያህል ይወጣል። በ12 ሰዓት ውስጥ 4.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ሄደ ማለት ነው፤ ጣሪያው ብቻውን ግድግዳውን በ2.7 ዲግሪ ያቀዘቅዘዋል። ኮርኒሱ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ጭድ ሲነጠፍ የሚወጣው ወደ 80 ዋት ይወርዳል፣ ቅዝቃዜውም ወደ 0.6 ዲግሪ። በግድግዳና በመስኮት የሚወጣው በዚህ ስሌት አልገባም፤ ቆርቆሮው ከአየሩ በታች መቀዝቀዙም እንዲሁ። ስለዚህ ያልተነጠፈበት ጣሪያ እውነተኛ ኪሳራ ከዚህም ይብሳል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም፣ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። የኮርኒሱ ሞራሌ በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ይሁን፤ ጭዱ በካሬ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ይመዝናልና አቡጀዴ ወይም ማዳበሪያ ኮርኒስ አይችለውም። በደንብ የደረቀ የጤፍ ጭድ ሳይጠቀጠቅ፣ እኩል ይነጠፍ። ዳር ዳሩን፣ ኮርኒሱ ከግድግዳው የሚገናኝበትን፣ በጣም አደራ፤ የሁለት ጣት ክፍተት ከቀረ ሞቃቱ አየር በዚያ ሾልኮ ይወጣል። ከጭዱ በላይ እስከ ቆርቆሮው ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይተው፣ በሁለቱም ጫፍ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ መተንፈሻ ይኑር። ካልሆነ የቆርቆሮው ጠብታ ጭዱን ያረጥባል፤ የረጠበ ጭድ ደግሞ ሙቀት ማገዱን ትቶ ይሻግታል። የመብራት ገመድ በጭድ ውስጥ መቀበር የለበትም፤ በቱቦ ከበላይ ይለፍ። ምድጃ ያለበት ማድ ቤት ላይ ጭድ ጨርሶ አይነጠፍም።

በጣም የሚያሳዝነው ስህተት የድንጋይ ቤትን ግድግዳ በውስጥ በኩል ፎም ለጥፎ በቺፕውድ መሸፈን ነው። ያ ሁሉ ድንጋይ ከክፍሉ ይቆረጣል። ቤቱ ረፋድ ላይ ቶሎ ይሞቃል፣ በሩ ተከፍቶ ሲዘጋ ደግሞ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ግድግዳ መከለል ካስፈለገ ከውጭ በኩል ነው፣ ከዝናብ በሚጠብቅ ልስን ተሸፍኖ።

ውጤቱን ለማወቅ ሁለት ቴርሞሜትር ይበቃል፦ አንዱ ክፍሉ መሃል በደረት ከፍታ፣ አንዱ ውጭ ጥላ ውስጥ። ጠዋት 12 ሰዓት እና ከቀኑ 9 ሰዓት ይነበቡ፣ ከመንጠፉ በፊት አንድ ሳምንት፣ በኋላም አንድ ሳምንት። በሁለቱ ሰዓቶች መካከል የውጩ ልዩነት 17 ዲግሪ ሆኖ የውስጡ ከመንጠፉ በኋላም ከ8 በላይ ከሆነ መጀመሪያ የኮርኒሱን ዳርና የበሩን ሥር ፈትሹ። ንባቡ ግን በበጋ ይሁን። በሐምሌና ነሐሴ ደመናው ቀንና ሌሊቱን ስለሚያቀራርበው ግድግዳው የሚያከማቸው ፀሐይ አያገኝም፤ በዚያ ወቅት የተለካ ቁጥር ስለ ጭዱ የሚነግረን ጥቂት ነው።