የ«የለም» ደብተር

የአነስተኛ ሱቆችን ሒሳብ በመያዝ ነው የምተዳደረው። ወር ሲሞላ እየዞርኩ ደረሰኝ እሰበስባለሁ፣ ደመወዝና ጡረታ አሰላለሁ። ከደንበኞቼ አንዱ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ጋራዥ በበዛበት ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አላቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። የሚሸጡት በብዛት የቶዮታ ዕቃ ነው፤ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ።

ጋሼ ለዓመታት ባንኮኒው ኋላ የቆሙት ራሳቸው ናቸው። ሥራው ሲሰፋ ግን ጠዋት ጠዋት ሱማሌ ተራ ወርደው ዕቃ መግዛት፣ ከዚያ ባንክ፣ ከዚያ ቀረጥና ግብር ሆነ። ሱቁ እስከ ማታ ያለ እሳቸው መዋል ጀመረ። ሰው መቅጠር ግድ ሆነባቸው።

ሁለት አማራጭ ቀረበ። አንደኛው መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ያደገ ሰው ነው፤ 18 ሺህ ብር ጠየቀ። ሌላው አስራ ሁለተኛን የጨረሱ ሁለት ልጆች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በ7 ሺህ። አንዱ የእህታቸው ልጅ ነው፣ አንዷ የጎረቤት ልጅ።

«ሁለት ሰው በ14 ሺህ እያገኘሁ ለአንድ ሰው 18 ሺህ ልክፈል?» አሉኝ። «አንዱ ቢቀርብኝ እንኳ ሌላው አለ።»

እኔ ቁጥሩን ብቻ ሠራሁላቸው። አሠሪ ለጡረታ ከደመወዙ 11 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ሁለቱ ልጆች በወር 15,540 ብር፣ ባለሙያው ደግሞ 19,980 ብር ያስወጣሉ። ልዩነቱ 4,440 ብር ነው። በዓመት ከ53 ሺህ ብር ይበልጣል፤ ለእንደሱ ዓይነት ሱቅ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ልጆቹ ተቀጠሩ።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርቅ አልኩ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ የሙከራ ጊዜም ይኑረው አልኩ። «የእህቴን ልጅ ፈርም ልበለው?» ብለው ሳቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ የለበትም ይላል፤ ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ለሥራው እንደማይሆን ከታየ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ መለያየት ይቻላል። ዝምድና ባለበት ቤት ወረቀቱ የበለጠ ያስፈልጋል። ፈረሙ።

የመጀመሪያው ወር ደስ ይል ነበር። መደርደሪያው ተወለወለ፣ ካርቶኑ ሁሉ በመልክ በመልኩ ተደረደረ፣ ደንበኛ በፈገግታ ይስተናገዳል። ሽያጩ ትንሽ ወረድ ብሏል፤ ጋሼ ግን «ገበያው ነው» አሉ። ገበያው በሁሉም ሱቅ የሚወቀስ ነገር ስለሆነ እኔም አለፍኩት።

ከዚያ ተመላሽ ዕቃ በዛ።

መለዋወጫ መሸጥ ከውጭ ሲያዩት ዕቃ አንስቶ ማቀበል ይመስላል። ችግሩ የመኪናው ስም ብቻውን ምንም አለመናገሩ ነው። የመጀመሪያው ቪትዝ ባለ 1.0 ሞተሩ አራት ሲሊንደር ነው። በ2005 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የመጣው ሁለተኛው ቪትዝ ደግሞ ባለ 1.0ው ሦስት ሲሊንደር ነው። «የቪትዝ ካንዴላ ስጠኝ» ያለው ሰው ሦስት ይፈልግ አራት፣ የትኛውን ይፈልግ፣ ካልጠየቁት አይታወቅም። ልጁ ዝም ብሎ አራት ቆጥሮ ይሰጣል።

ካንዴላ ይመለሳል፣ ጉዳቱ ትንሽ ነው። የሚጎዳው ፍሪሲዮን ነው። መካኒኩ ካምቢዮውን አውርዶ፣ ዲስኩን ሊገጥም ሲል አልገባ ይላል። ቀኑ ባከነ፣ ባለመኪናው ቆሞ ይጠብቃል። ዕቃው ግራሶ ነክቶት፣ ካርቶኑ ተቀዶ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ እንደ አዲስ አይሸጥም። መካኒኩም ዳግመኛ አይመጣም፤ ቢመጣም ለመሳደብ ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃማ ይባስ። አንድ ሴንሰር ሽቦው ተቆርጦ ተመለሰና 6,500 ብር ሱቁ ላይ ቀረ።

የለመደ ሻጭ መጀመሪያ ወደ መደርደሪያው አያይም። ሊብሬውን ያያል፣ ወይም ኮፈኑ ሥር ያለችውን ሰሌዳ በስልክህ አንሥተህ ላክልኝ ይላል። ሰሌዳዋ ላይ የሞዴሉና የሞተሩ መለያ ተጽፏል። ፍሪሲዮን ከሆነ «አሮጌውን ይዘህ ና» ይላል። አሮጌውን ከአዲሱ ላይ ደርቦ ስፋቱን ያያል፣ መሐሉ ላይ ያለውን ጥርስ ይቆጥራል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው።

ልጆቹ ይህን መማር አይችሉም ነበር ማለቴ አይደለም። ጎበዞች ነበሩ። ግን ማንን ይጠይቁ? ጋሼ ሱማሌ ተራ ዋጋ እየተከራከሩ ስልክ ይደወልላቸዋል። አንዱን ያነሳሉ፣ አምስቱን አያነሱም። የጀማሪ ደመወዝ ርካሽ የሚሆነው አስተማሪው አጠገቡ ካለ ነው። ጋሼ ሱቁ ውስጥ የሚውሉ ቢሆን ኖሮ እኔም ሁለቱን ልጆች ነበር የምመርጠው። እሳቸው የቀጠሩት ግን እሳቸው በሌሉበት የሚሠራ ሰው ነው።

ይህ ሁሉ ተመላሽ ስለሆነ መዝገብ ላይ ይታያል። መዝገብ ላይ የማይታየውን ያወጣችው የጎረቤቷ ልጅ ናት።

ወር ሲሞላ ደረሰኝ ስሰበስብ ባንኮኒው ሥር አንድ የተቀደደ ካርቶን አገኘሁ። ጀርባው በእስክሪብቶ ጽሑፍ ሞልቷል። «ምንድን ነው?» ስላት አፈረች። ሰው የጠየቃትንና «የለም» ያለችውን ነበር የምትጽፈው፣ ማታ ጋሼን ልጠይቅ ብላ። ግን ማታ ጋሼ ደክሟቸው ስለሚመጡ ሳትጠይቅ ትቀራለች።

ካርቶኑን ለጋሼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንዱን አነበቡና ተነሥተው ከመደርደሪያው ዕቃ አወረዱ። «ይሄማ አለ።» ሌላ አነበቡ። «ይሄም አለ!» ለምሳሌ አንድ ሰው የቪትዝ 1.3 የውኃ ፓምፕ ጠይቋል። መደርደሪያው ላይ ማሸጊያው «ኮሮላ 1.5» የሚል ፓምፕ ነበር። የዚያ ሰውዬ ቪትዝና የኮሮላው ሞተር ቤተሰባቸው አንድ ነው፤ ፓምፑም ለሁለቱም ይገጥማል። ይህን ግን የሚያውቀው የሠራበት ሰው ነው። ልጅቷ ቪትዝ የሚል ፈልጋ ስታጣ «የለም» ብላ ሰውየውን ሸኘችው።

ደብተር ገዛንላት፣ አንድ ሳምንት በሥርዓት ጻፈች። ማታ ማታ ጋሼ እያነበቡ፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ላይ ምልክት አደረጉ። በሳምንቱ መጨረሻ እያለ «የለም» የተባለው ዕቃ ዋጋ 21 ሺህ ብር ገደማ ሆነ። ሁሉም አይገዙም ነበር፤ ዋጋ ጠይቆ የሚሄድም አለ። ግማሹን ጣልነው። ቢሆንም በወር ወደ 42 ሺህ ብር ሽያጭ በበር እየወጣ ነው ማለት ነው፣ ደረሰኝም የለው፣ ተመላሽም አይባል።

ባለሙያውን መልሰው ጠሩት። እሱ በዚህ መሐል ሌላ ቦታ ገብቷል፤ አሁን ከ20 ሺህ በታች አልንቀሳቀስም አለ። ከነጡረታው 22,200 ብር ነው። በሁለቱ ልጆች ምትክ እሱን ብቻ ቢያስገቡ ልዩነቱ 6,660 ብር ይሆናል። የሱቁ ትርፍ በአማካይ ከሽያጩ ሃያ በመቶ ነው። ስለዚህ ልዩነቱን ለመሸፈን በወር 33 ሺህ ብር ገደማ ተጨማሪ ሽያጭ ይበቃል። ደብተሩ ብቻ 42 ሺህ አሳይቷል። ተመላሹን ገና አልነካንም።

ጋሼ ግን ልጅቷን ማስወጣት አልፈለጉም። እሷ ስትጨመር ቁጥሩ ይለወጣል፤ 72 ሺህ ብር ተጨማሪ ሽያጭ ይጠይቃል። ደብተሩ ይህን ያህል አይሸፍንም ብዬ ነገርኳቸው። «እሱ ቢታመም ወይ ለቅሶ ቢሄድ ሱቁን ማን ይከፍታል?» አሉ። ትክክል ናቸው። አንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለ ሱቅ ያ ሰው የቀረ ዕለት ዝግ ነው።

የእህታቸው ልጅ ነገር አስቸጋሪ ነበር። የሙከራ ጊዜው ሳያልቅ ተለያዩ። ወረቀቱ ጠቀመ፤ እህትየውን ግን ወረቀት አያሳምናቸውም። ለፋሲካ ሳይመጡ ቀሩ።

ባለሙያው በገባ በወሩ ተመላሽ ከእጅ ጣት ቁጥር አይበልጥም ነበር። የሚያውቁት መካኒኮችም ተከትለውት መጡ። በዚያው ልክ ሌላ ዓይነት ችግር ይዞ ገባ። መካኒኮቹ የሚደውሉት በእሱ ስልክ ነው። ዋጋ የሚቀንሰውም፣ ዱቤ የሚሰጠውም በቃሉ ነው። እኔ ደረሰኝ ስፈልግ «እሱን አትጨነቅ፣ እኔ አውቀዋለሁ፣ ሰኞ ያመጣል» ይለኛል። ሰኞ የትኛው ሰኞ እንደሆነ ግን አይናገርም። ሌባ ሆኖ አይደለም፤ የሱቁ ዱቤ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ነገ ሌላ ሱቅ በ25 ሺህ ቢጠራው ደንበኛውም ዱቤውም አብሮት ይሄዳል።

ሁለት ነገር አስደረግን። አንድ የሱቅ ስልክ ተገዛ፤ ቁጥሩ በየካርቶኑ ላይ ይለጠፋል፣ ስልኩም ማታ ሱቅ ያድራል። ዱቤ የወሰደ ሁሉ ደብተር ላይ ይፈርማል፤ ደብተሩን የምትይዘው ልጅቷ ናት። መጀመሪያ አኮረፈ። «አላመናችሁኝም ማለት ነው?» አለ። ጋሼ «አንተን አምኜ ነው፣ የማላምነው ሰኞን ነው» አሉትና ሳቀ።

ልጅቷ አሁን የሊብሬውን መለያ አይታ ሞተሩን ትለያለች። ፍሪሲዮን ለብቻዋ ትሸጣለች፣ ሴንሰር ግን እሱን ሳትጠይቅ አትሰጥም። ደመወዟ ወደ 9 ሺህ ከፍ ብሏል። እኔ ከዚያም በላይ ይገባታል ባይ ነኝ፤ ጎረቤት ያለው ሱቅ ካወቃት ይወስዳታል።

ባለሙያው ደግሞ ሰሞኑን ከትርፍ መቶኛ ይታሰብልኝ ብሏል። ጋሼ እያሰቡበት ነው። እኔ የምደግፈው ደመወዙ እዚያው ቆሞ፣ መቶኛው ገንዘቡ ከገባው ሽያጭ ብቻ ከታሰበ ነው። ዱቤ የተሸጠው ሲከፈል ይታሰብለታል። እንዲያ ከሆነ ሰኞን የሚያሳድደው እሱ ራሱ ይሆናል።