ደረሰኜ በ20 ሳንቲም ተመለሰብኝ

ለመሥሪያ ቤቶች የጽሕፈት መሣሪያ አቀርባለሁ። ፕሮፎርማ ማስገባቱም፣ ማሸነፉም፣ ዕቃ ማስረከቡም ያለ ችግር አለፈ። ጉዴ የፈላው ክፍያ ላይ ነው።

ዝርዝሩ 74 መስመር ሲሆን ከቫት በፊት ድምሩ 28,600.00 ብር ነበር። የሽያጭ ሶፍትዌሬ ያወጣው ኢንቮይስ ጠቅላላውን 32,890.20 ይላል። የካሽ ሬጅስተሩ ደረሰኝ ደግሞ 32,890.00። የፋይናንስ ሠራተኛዋ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ "አይገጥምም፤ አስተካክለው ይምጡ" አለችኝ። የቱ ነው የተሳሳተው ስላት "እሱን እርስዎ ያውቃሉ" ብላ ወረቀቱን ገፋችልኝ። ለ20 ሳንቲም ቼኩ ተያዘ!

የተሳሳተ ግን አልነበረም። ማሽኔ ዋጋውን ሁሉ ከደመረ በኋላ ቫቱን አንዴ ያሰላል፤ 4,290.00 ይመጣል። ሶፍትዌሩ ግን በየመስመሩ አስልቶ፣ በየመስመሩ ወደ ሳንቲም አጠጋግቶ ነው የሚደምረው። 312.70 ብር የሆነው የክላሰር መስመር ቫቱ 46.905 ነው፤ ግማሽ ሳንቲም ስለማይጻፍ 46.91 ይሆናል።

ሶፍትዌሩን የሸጠልኝ ባለሙያ "አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ስለሚጠጋጋ ይጣፋል" ብሎኝ ነበር። ዋጋው የተዘበራረቀ ለሆነ ሰው እውነት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን እንደ ብዙ ነጋዴ ዋጋዬን በአሥር ሳንቲም ነው የምዘጋው። በ15 በመቶ ስሌት፣ ድምሩ በ10፣ 30፣ 50፣ 70 ወይም 90 ሳንቲም የሚያልቅ መስመር ሁልጊዜ ልክ ግማሽ ሳንቲም ይተርፈዋል፤ ግማሹን ደግሞ ሶፍትዌሬ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚወስደው። በ20፣ በ40፣ በ60፣ በ80 ወይም በ00 የሚያልቀው ምንም አይተርፈውም። ስለዚህ ወደ ታች ጎትቶ የሚያካክስ መስመር የለም። እኔ ዘንድ ግማሽ ሳንቲም የሚተርፋቸው መስመሮች 40 ነበሩ፤ 40 ግማሽ ሳንቲም 20 ሳንቲም ነው።

"ቅናሽ ብለህ አስገባው" ያሉኝ የሒሳብ ሰው አሉ። አታድርጉት። ቅናሽ ታክስ የሚሰላበትን ድምር ስለሚቀንስ፣ ኢንቮይሱ በሌላ ቁጥር ከደረሰኙ ይለያል። እኔ የሶፍትዌሩን ስሌት "በድምር ላይ" ወደሚለው ቀየርኩት፤ ማሽኔም እንደዚያ ነውና። አሁን ፕሮፎርማ ከማስገባቴ በፊት በኤክሴል ሁለቱንም ስሌት አያለሁ፤ E ዓምድ የየመስመሩ ከቫት በፊት ድምር ነው፦

```
=SUMPRODUCT(ROUND(E2:E75*0.15,2))
=ROUND(SUM(E2:E75)*0.15,2)
```

ሴሉ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ብቻ እንዲያሳይ ማድረግ ማጠጋጋት አይደለም፤ ከጀርባው ያለው ቁጥር እንዳለ ነው። ROUND የግድ ነው።

በድምር ማስላት አንድ ጣጣ አለው፤ ዕቃ ሲመለስ። ያ የክላሰር መስመር ቢመለስብኝ 46.91 አልመልስም። ቀሪው 28,287.30 ነው፤ ቫቱ 4,243.10። ከ4,290.00 ሲቀነስ የሚመለሰው 46.90 ይሆናል። የተመለሰውን ለብቻው ሳይሆን የቀረውን አስልታችሁ ቀንሱ።