ቺፑ አልተቃጠለም ነበር

ፒያሳ ያለው የጥገና ቤታችን አንድ የሲግናል ማጉያ ገባ። ጌይኑ 10 ነው፣ ውስጡ ያለው 741 ኦፕ-አምፕ ነው። ደንበኛው በ20 ኪሎኸርዝ 8 ቮልት ፒክ ይፈልጋል። ኦሲሎስኮፑ ላይ ግን ሳይን ዌቭ ሳይሆን ሦስት ማዕዘን ይታያል፣ ቁመቱም 6 ቮልት ትንሽ ያልፋል።

አንጋፋው ቴክኒሻናችን ቺፑን ቀየሩት። ያው ሦስት ማዕዘን። ደግመው ቀየሩ።

«ጋሼ፣ ቺፑ ደህና ነው፤ ፍጥነቱ ነው ያነሰው» አልኳቸው።

«የምን ፍጥነት? ባንድዊድዙ 1 ሜጋኸርዝ ነው። ለጌይን 10 ስታካፍለው 100 ኪሎኸርዝ ይቀርሃል። አንተ የምትሰጠው 20 ነው!»

ሒሳባቸው ትክክል ነው፤ ግን ለትንሽ ሲግናል ብቻ። 741 ውስጥ 30 ፒኮፋራድ ካፓሲተር አለ። እሱን የሚሞላው የመግቢያው ክፍል መስጠት የሚችለው ጥቂት ማይክሮአምፔር ብቻ ነው። ስለዚህ መውጫው የቱንም ያህል ብትገፋው በማይክሮሰከንድ ከ0.5 ቮልት ገደማ በላይ አይሮጥም። ስሉ ሬት የሚባለው ይኸው ነው።

ሳይን ዌቭ በጣም የሚፈጥነው ዜሮን ሲያቋርጥ ነው። እዚያ ላይ ያለው ፍጥነት ከስሉ ሬቱ መብለጥ የለበትም፦

```
Vp = SR / (2πf)
```

Vp የመውጫው ፒክ ነው። በማይክሮሰከንድ 0.5 ቮልት ማለት በሰከንድ 500,000 ነው፤ 2π በ20,000 ኸርዝ ሲባዛ ደግሞ 125,664። 500,000 ለ125,664 ሲካፈል 4 ቮልት አይሞላም። እኛ የጠየቅነው 8 ነው፣ ማለትም እጥፉን።

ጋሼ ወረቀቱን ገፋ አደረጉት። «ፓወሩ ከፍና ዝቅ 15 ቮልት እያለ 4 ቮልት ላይ ይቆማል ትለኛለህ?»

ፓወሩ አንሶ ቢሆን ኖሮ ጫፉ ጠፍጣፋ ይሆን ነበር። የእኛ ጫፉ ሹል ነው፣ ጎኑ ነው ቀጥ ያለው። ጎኑን ስኮፑ ላይ ለካሁት። በ25 ማይክሮሰከንድ 12.5 ቮልት ወጣ፤ ሲካፈል ልክ 0.5። መግቢያውን ስጨምር ቁመቱ ንቅንቅ አላለም። ወደ 0.3 ቮልት ስቀንሰው መውጫው ላይ 3 ቮልት ንጹህ ሳይን መጣ። የተቃጠለ ቺፕ እንዲህ አያደርግም።

4 ቮልቱ ራሱ ጠርዝ ነው። 0.5 የዳታሺቱ የተለመደ ዋጋ እንጂ ዋስትና አይደለም። ትንሽ ሲያልፍ ደግሞ መዛባቱ በዓይን አይለይም። እኔ በ741 ከ3 ቮልት በላይ አልሰጥም።

በቦታው ቲኤል 071 ገባ። እግሮቹ አንድ ናቸው፣ ስሉ ሬቱ ግን በማይክሮሰከንድ 13 ቮልት ገደማ ነው። 8 ቮልቱ ያለምንም ችግር ወጣ።

የሥራ ካርዱ ላይ ግን ጋሼ «የተቃጠለ ቺፕ ተቀይሯል» ብለው ጻፉ። ያኔ ተናደድኩ፣ አሁንም ይከነክነኛል። ነገ ይህን ካርድ የሚያነብ ልጅ እዚያው ሶኬት ላይ ሌላ 741 ይሰካል። ካርዱን ወስጄ ከሥር «ስሉ ሬት፤ 741 አይመለስበት» ብዬ ጨመርኩበት። ጋሼ አዩ፣ ምንም አላሉም።